ከቤተ መቅደሱ እስከ ጎረቤት ግቢ፦ የላሊበላ በፈር ዞን ለምን ያጣላል?

(ወልድያ ላይ ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች፣ ለካህናትና ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የዛሬው ጉዳዬ አንድ መስመር ነው። የላሊበላን ዐሥራ አንድ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይከባል፤ የሚገዛው ግን ቅርሱን ሳይሆን የቅርሱን ጎረቤት ነው። በወረቀት ላይ ከለላ ቀጠና ይባላል፤ በከተማው ሁሉም በፈር ዞን ስለሚለው እኔም እንደዚያው እላለሁ። በዚህ መስመር ምክንያት ቤት የፈረሰበት አለ፣ ፎቁ በጅምር የቀረበት አለ፣ መጸዳጃ ቤት ለመቆፈር ፈቃድ አጥቶ ዓመታት የጠበቀ አለ። ክርክሩ ሲነሣ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ቅርሱ ይቅደም ወይስ ሰው?» ተብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ አልቀበለውም። ባየሁት ልክ ጠቡ የሚመጣው መስመሩ ቅርሱን ከምን እንደሚከላከል ሳይታወቅ ሲሰመር ነው። ከውኃ ነው? ከዓይን ከሚጋርድ ሕንፃ ነው? ከጭነት መኪና ንዝረት ነው? እያንዳንዱ ሥጋት የራሱ ርቀትና የራሱ ቅርጽ አለው። ሁሉም በአንድ ክብ ውስጥ ሲጨመር ሊከለከል የማይገባው ጎረቤት ይከለከላል፣ መከልከል ያለበት ደግሞ ያመልጣል።

ላሊበላ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ቅርሶች መካከል። በዚያን ጊዜ የቅርሱ ድንበር በካርታ አልተለየም፣ በፈር ዞንም አልነበረውም። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ከዚያ በኋላ ይህ እንዲሟላ ደጋግሞ ጠይቋል። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። መስመሩ ቀርቶ ከተማው ግን አልቆመም፤ አውሮፕላን ማረፊያው ተስፋፋ፣ ሆቴሉ በዛ፣ ከገጠር የሚገባው ሰው ጨመረ። ስለዚህ ዛሬ የሚሰመር ማንኛውም መስመር በባዶ መሬት ላይ አያርፍም፤ በሰው ግቢ መሐል ነው የሚያልፈው።

የዓለም ቅርስ ኮንቬንሽን የአፈጻጸም መመሪያ ስለ በፈር ዞን የሚለው አጭር ነው። በፈር ዞን በቅርሱ ዙሪያ ያለ፣ በሕግ ወይም በልማድ የአጠቃቀም ገደብ የተደረገበት ቦታ ነው። የቅርሱን የቅርብ አካባቢ፣ ዋና ዋና ዕይታዎችንና ቅርሱ እንዲኖር በአገልግሎታቸው የሚደግፉትን ነገሮች ያካትታል። ራሱ ግን የቅርሱ አካል አይደለም። እንግዲህ «በፈር ዞን ስለሆነ ሰው አይኖርበትም» የሚል ነገር መመሪያው ውስጥ የለም። «ልማድ» የምትለው ቃል ደግሞ ለላስታ ሰው ትልቅ ቦታ አላት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209/1992፣ ሌላ መሣሪያ ይሰጣል። የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች በብዛት የሚገኙበትን ቦታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የተከለለ ቦታ ብሎ ሊሰይም ይችላል፤ በዚያ ውስጥ ሕንፃም መንገድም ሆነ ማንኛውም መሬት የሚነካ ቁፋሮ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይደረግም። መሣሪያው ብርቱ ነው። ችግሩ የሚፈቅደውና የሚከለክለው ጽሕፈት ቤት አዲስ አበባ ሲሆን ጣሪያው የሚያፈስሰው ላሊበላ ነው።

አሁን ወደ ውኃው ልግባ፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለእሱ ነው።

ከተማው የተቀመጠው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ በተዳፋት ላይ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ወደ ላይ የተሠሩ ሳይሆኑ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። ድንጋዩ ቀይ፣ ቀዳዳ የበዛው፣ ለመፈልፈል የተመቸ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የተመቸውን ያህል ውኃ ሲጠጣ ይላላል። ቤተ ጊዮርጊስን ያያችሁ ታውቃላችሁ፦ 12 ሜትር ገደማ በሚጠልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው የቆመው። ከላይ የሚወርድ ማንኛውም ውኃ መሄጃ ካላገኘ ወደዚያ ነው የሚያዘነብለው። ጥንታውያኑ ይህን ስለሚያውቁ ነው ቦዮቹን ወደ ዮርዳኖስ ወንዝ እንዲያፈስሱ አድርገው የቆፈሩት። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከለው ትልቅ ጣሪያ ከላይ የሚዘንበውን ያግዳል። ከጎን በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ሠርጎ የሚመጣውን ግን ጣሪያ አያግደውም። ያንን ሊያግድ የሚችለው የጎረቤቱ ግቢ አያያዝ ብቻ ነው።

እንዴት ይታወቃል? ቀላል መንገድ አለ። የክረምቱ ዝናብ በመስከረም ያበቃል። የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር፣ በጥር፣ የጉድጓዱን ግድግዳ ዞር ብሎ መመልከት ነው። በዚያ ወቅት ግድግዳው ላይ እርጥበት፣ አረንጓዴ ሽበት ወይም ነጭ የጨው ብናኝ ካለ ከዝናብ የመጣ ነው ማለት ይከብዳል። ከላይ የሚፈስስ የቧንቧ መስመር፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም የሆቴል አትክልት ማጠጫ ሊኖር ይችላል። ከዚያ በላይኛው በኩል ባለ ተጠርጣሪ ጉድጓድ ውስጥ ጉዳት የሌለው ቀለም ጨምሮ ግድግዳውን መጠባበቅ ይቻላል። ቀለሙ ከወጣ መንገዱ ተገኘ። ካልወጣ ግን «ንጹሕ ነው» ማለት አይቻልም፤ በድንጋዩ ስንጥቅ በኩል የሚሄድ ውኃ ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል፣ ቀለሙም በመንገድ ላይ ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ የበጋው ምልከታ በየዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታ ፎቶ እየተነሣ መደገም አለበት።

ይህን ያህል ከታወቀ የውኃው መስመር ክብ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። ወደ ዳገቱ በኩል ይረዝማል፤ ከላይ ያለው ተፋሰስ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ስለሚያይ አንዳንድ ቦታ እስከ ቀጣዩ ጉብታ ይሄዳል። ወደ ቁልቁለቱ በኩል በጣም ያጥራል፤ ከጉድጓዱ በታች ያለ ሰው የሚያፈስሰው ውኃ ወደ ላይ አይወጣም። ታዲያ እንዲሁ ከመሐል ተለክቶ በየአቅጣጫው እኩል ርቀት ሲሰመር ምን ይሆናል? ከታች ያለችው እናት ጓዳዋን ለመጠገን ትከለከላለች፤ ከላይ፣ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለው ሆቴል ደግሞ ሠላሳ መጸዳጃ ቤት ወደ አንድ ያልተለሰነ ጉድጓድ ይለቅቃል። ሁለቱም ሕግ አላፈረሱም። ቅርሱ ግን ይጎዳል፣ እናቲቱም ትጎዳለች።

መፍትሔው ደግሞ መጸዳጃ ቤት መከልከል አይደለም። መከልከል የባሰ ነው፤ የተከለከለ ሰው ሌሊት ወደ ቦዩ ነው የሚወጣው። በዳገቱ በኩል የሚያስፈልገው ውኃ የማያሳልፍ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ በቦቴ የሚመጠጥ ታንክ ነው፤ ወይም የጋራ መጸዳጃን ከጉድጓዶቹ በታች በኩል መሥራት ነው። የታንኩ ዋጋ ከተራ ጉድጓድ ይበልጣል። ያንን ልዩነት ጎረቤቱ ብቻውን ይክፈል የሚባል ከሆነ ደንቡ አይከበርም።

ወደ ዕይታው እንሂድ። ባለሀብትና የቅርስ ጽሕፈት ቤት ብዙ ጊዜ የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው።

የከፍታ ክርክር በላሊበላም ሆነ በሌላ ቦታ በፎቅ ቁጥር ይካሄዳል፦ ጂ ፕላስ ሁለት ይፈቀድ፣ ጂ ፕላስ ሦስት ይከልከል። የፎቅ ቁጥር ግን ብቻውን ምንም አይናገርም። ለምሳሌ የሚሆን ስሌት ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹን እኔ ለትምህርት ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አንድ ተሳላሚ በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሟል። ከፊቱ 40 ሜትር ርቆ አንድ የድንጋይ ጉብታ አለ፤ ጫፉ ከሰውዬው ዓይን በ4 ሜትር ከፍ ይላል። ሆቴሉ የታሰበው ከተሳላሚው 200 ሜትር ርቆ ከጉብታው ኋላ ነው። ከዓይኑ ተነሥቶ የጉብታውን ጫፍ ነክቶ የሚያልፈው መስመር 200 ሜትር ላይ ሲደርስ ከዓይኑ 20 ሜትር ከፍ ይላል፤ ርቀቱ በአምስት እጥፍ ስለጨመረ ከፍታውም በአምስት እጥፍ ይጨምራል። የሆቴሉ መሬት ከተሳላሚው ዓይን በ10 ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። እንግዲያው እስከ 10 ሜትር የሚደርስ ሕንፃ ከጉብታው ኋላ ይሰወራል፤ 13 ሜትር ከሆነ ላይኛው 3 ሜትር ከጉብታው በላይ ብቅ ይላል። በዚያው ከተማ ውስጥ፣ በዚያው ርቀት ከዚያው ጉብታ ኋላ፣ መሬቱ ከዓይን በ18 ሜትር ከፍ ባለበት ሌላ ግቢ ላይ ግን ባለ አንድ ፎቅ ቤት እንኳ ይታያል።

ሦስት ነገር ልጨምር። ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ሮቶ በፕላኑ ላይ አይሣልም፣ አንዱን ሜትር ተኩል ግን እሱ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ከፍታው እስከ ሮቶው አናት መለካት አለበት። ሁለተኛ፣ ከጉብታ ይልቅ ባሕር ዛፍ የሚጋርደው ከሆነ አትቁጠሩት፤ ዛፉ ነገ ይቆረጣል። ሦስተኛ፣ ስሌቱን ያላመነ ሰው እንዲያምን ረጅም ምሰሶ ላይ ደማቅ ጨርቅ አስሮ በታሰበው ከፍታ ልክ ማቆምና ባለሀብቱን፣ ካህናቱንና ማዘጋጃ ቤቱን አፋፉ ላይ አቁሞ ማሳየት ነው። በካርታ ላይ ወር የፈጀ ክርክር በአንድ ጠዋት ሲያልቅ አይቻለሁ።

የባለሀብቱም ቅሬታ አለ፤ ብዙ ጊዜ እውነት አለው። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን አንድ ካርታ ነው፣ የቅርሱ ቀጠና ሌላ ካርታ ነው፣ ሁለቱም በተለያየ ቢሮ ይቀመጣሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን በሊዝ ጨረታ ሲያወጣ የጨረታው ሰነድ ላይ የሕንፃ ከፍታ ይጻፋል፤ የዕይታ ገደቡ ግን አይጻፍም። ባለሀብቱ በዚያ ከፍታ ሒሳብ አስልቶ ዋጋ ይሰጣል። ካሸነፈ በኋላ፣ መሠረቱ ተቆፍሮ ሳለ፣ የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ መጥቶ «አቁም» ይላል። የሊዝ ውሉ ደግሞ ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ያስቀምጣል፤ ያ ጊዜ እየቆጠረ ነው። ሰውየው በአንዱ መንግሥታዊ ቢሮ ታግዶ በሌላው መንግሥታዊ ቢሮ ዘገየህ ይባላል። ይህን የሚያስቀር ነገር ከባድ አይደለም፦ ቦታው ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ግቢ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ ስንት ሜትር መሥራት እንደሚቻል በሰነዱ ላይ ይጻፍ። በፎቅ ቁጥር አይሁን፣ በሜትር ይሁን። የዚያን ጊዜ ዋጋውም ራሱ ገደቡን ያሰላል። ትልቅ ግንባታ ከሆነ ደግሞ የአፈጻጸም መመሪያው የሚጠይቀው ለዓለም ቅርስ ማዕከል ቀድሞ ማሳወቅ አለ፤ «ቀድሞ» ማለት ለመመለስ አስቸጋሪ የሆነ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ነው።

ንዝረትን በአጭሩ ልለፈው። የጭነት መኪናና የድንጋይ መፍለጫ መዶሻ ከአፋፉ መራቅ አለባቸው፤ ይህ የትራፊክ ደንብ ጉዳይ ነው፣ ማንንም ከቤቱ ማስነሣት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሰዎቹ።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀው የ35 ሚሊዮን ዶላር የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ላሊበላ ከተመረጡት መዳረሻዎች አንዷ ነበረች። በዚያ ዘመን በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር ሰፍረዋል። ሲነሡ የቀረቡት ምክንያቶች ከሞላ ጎደል እውነት ነበሩ፤ የቤት ፍሳሽ ወደ ቦዮቹ ይገባ ነበር፣ የእሳት አደጋም ያሠጋ ነበር። የሄደው ነገር ግን ፍሳሹ ብቻ አልነበረም።

ለገና ላሊበላ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ በማሜ ጋራ ላይ ከላይ፣ ሌሎቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ ከአገር ሁሉ የመጣው ተሳላሚ አፋፉን ሞልቶ ነው የሚያድረው። ያ ሕዝብ ሆቴል አያድርም፣ አቅሙም የለውም። ለዘመናት ያሳደሩትና እግሩን ያጠቡት፣ ቆሎና ጠላ ያቀረቡለት አጠገቡ ያሉት ጎጆዎች ናቸው። ማኅሌት የሚቆመው መሪጌታ፣ ለሰዓታት በእኩለ ሌሊት የሚነሣው ዲያቆን የሚኖረውም እዚያው ነበር። አንድ የሰባ ዓመት አገልጋይ ቤቱ ከደብሩ አምስት ደቂቃ ሲሆን በየሌሊቱ ይመጣል፤ ከተማው ዳር ሲሆንና ዳገት ሲጨመርበት ለበዓል ብቻ ይመጣል። መመሪያው «በአገልግሎታቸው ቅርሱን የሚደግፉ ነገሮች» የሚለው እነዚህን ሰዎች ያጠቃልላል ብዬ አምናለሁ። «ልማድ» ያልኳችሁም ይኸው ነው፤ በደብሩ ዙሪያ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ ሕግ ከመጻፉ በፊት የሚያውቁትና የሚያስከብሩት እነሱ ነበሩ። ጎረቤቱ ሲነሣ ያ ልማድ አብሮ ይነሣል፤ ቀጥሎ ለሱ ምትክ ደመወዝ ያለው ጥበቃ መቅጠር ይመጣል።

ቤቶቹም ራሳቸው ቅርስ ናቸው። የላስታ ጎጆ በቀይ ድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ክብ፣ ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ፎቅና በውጭ በኩል ደረጃ ያለው ነው። እንዲህ ያለ ቤት የሚቆየው ሰው ሲኖርበት ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ነፍሳትም ያባርርለታል። እሳቱ ከጠፋ ሣሩ ይሻግታል፣ ይሳሳል፣ ውኃ ወደ ግድግዳው አናት ይገባል። ጭቃው ሲታጠብ ድንጋዮቹ ይላቀቃሉ፤ ግድግዳው ወደ ውጭ ሆዱን ይነፋል፣ በሚቀጥለው ክረምት ይወድቃል። ሰውን አስነሥቶ ጎጆውን ለጎብኚ ማስቀረት ስለዚህ አይሆንም፣ ወይም ለሱ የማያቋርጥ በጀት ያስፈልገዋል።

ከተነሣው ሰው በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሳይነሣ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ነው። የተነሣው ቢያንስ ሕግ አለው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይዞታው ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ሰው ካሳና ምትክ እንዲያገኝ፣ ክፍያውም ከመነሣቱ በፊት እንዲፈጸም ያዛል። አዋጁ የሚናገረው ግን ስለሚወሰድ ይዞታ ነው። በፈር ዞን ይዞታውን አይወስድም፤ የሚወስደው አጠቃቀሙን ነው። ቤቱ ያንተ ነው፣ ቆርቆሮ አትምታበት፣ ሁለተኛ ክፍል አትጨምር፣ ለልጅህ ጎጆ አትቀልስ። ለዚህ ካሳ የሚባል ነገር አይታሰብም። በዚያ ላይ አንድ አካባቢ «ይነሣል» የሚል ማስታወቂያ ከደረሰው ከዚያ በኋላ ለሚሠራ ነገር ካሳ አይከፈልም። ማስታወቂያው ደርሶ ማንሣቱ ለዓመታት ሲጓተት ሰዉ መጠገንም አይችልም፣ መሄድም አይችልም።

አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልከተል። አንዲት እናት በዕይታው ቀጠና ውስጥ ጎጆ አላት እንበል። ሣሩ አርጅቷል፣ በሰኔ ማፍሰስ ጀምሯል። ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ «ቆርቆሮ ልምታ» ትላለች። መልሱ «ቆርቆሮ አይፈቀድም» ነው። «እንግዲያው ሣር ስጡኝ» ብትል የሣር በጀት የለም። የግጦሽ መሬቱ ስለታረሰ ለጣሪያ የሚሆን ረጅም ሣር ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ከቆርቆሮ የሚረክስ አይደለም፣ በየጥቂት ዓመቱም መታደስ አለበት። እሷም ትጠብቃለች። ክረምቱ ግድግዳውን ያጥበዋል። በመስከረም ቤቱ ሲወድቅ መዝገቡ ላይ «የፈረሰ ቤት» ተብሎ ይጻፋል፤ የፈረሰ ቤት ደግሞ እንደገና ለመሥራት አዲስ ግንባታ ስለሆነ አይፈቀድም። ደንቡ ሊያድነው የተነሣውን ጎጆ ራሱ ደንቡ አፈረሰው።

ምን ማድረግ ይቻል ነበር? መጀመሪያ ጥገናና አዲስ ግንባታ በሁለት መስኮት ይስተናገዱ። ጥገና፣ በነበረው ቅርጽና ከፍታ እስከሆነ ድረስ፣ በላሊበላው ጽሕፈት ቤት ብቻ፣ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ መልስ ይሰጠው፤ መልስ ካልተሰጠ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ቀጥሎ ጣሪያው። ከአፋፉ የማይታይ ከሆነ ቆርቆሮ ይፈቀድ፤ የሚታይ ከሆነ ሣር ይሁን፣ ልዩነቱን ግን ከልካዩ ይክፈል። አንዳንዶች ቆርቆሮ መትቶ ላዩን በሣር መሸፈንን ይመክራሉ። ከሩቅ ያምራል፤ ሣሩ ግን በሥሩ አየር ስለማያገኝና ጢስ ስለማያገኘው ቶሎ ይበሰብሳል፣ ቁልቁለቱ ካልበቃም እየተንሸራተተ ይወርዳል። የሣር ጣሪያ ውኃውን እንዲያባርር ወደ 45 ዲግሪ የሚጠጋ ተዳፋት ይፈልጋል፤ ለቆርቆሮ ተብሎ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያንን አያሟላም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ትሉኛላችሁ። የውጭ ጎብኚ መግቢያ ለዓመታት 50 ዶላር ነበር። ከዚያ የተወሰነ ድርሻ ለጎረቤት ጣሪያና ለታንክ በቋሚነት ቢመደብ ተገቢ ነው እላለሁ፤ የጎብኚው ዕይታ እንዳይበላሽ የተከለከለችው እሷ ናትና። ነገር ግን ሁሉንም በቱሪስት ላይ አታንጠልጥሉት። ኮቪድ ሲመጣ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ፣ ጎብኚው ጠፋ፤ ገደቡ ግን አንድ ቀንም አልተነሣም። የመጠባበቂያ ድርሻ ከመንግሥት በጀት ያስፈልጋል።

ለማዘጋጃ ቤት ባልደረቦቼ አንድ ሥራ ልስጥ። በፈር ዞናችሁ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ አማካሪ አትቅጠሩ፤ ያለፈውን አንድ ዓመት የፈቃድ መዝገብ አውጡ። እያንዳንዱ ማመልከቻ መልስ ለማግኘት ስንት ቀን ፈጀ? እምቢ የተባለው ምክንያቱ ተጽፏል ወይስ «በፈር ዞን ስለሆነ» ብቻ ነው የሚለው? የማፍረስ ትእዛዝ ከደረሳቸው ውስጥ ትናንሽ ቤቶች ስንት ናቸው፣ ትላልቆቹስ? ምክንያቱ ውኃ፣ ዕይታ ወይም ንዝረት መሆኑ ያልተጻፈ እምቢታ ከበዛ መስመራችሁ ምን እንደሚጠብቅ እናንተም አታውቁም ማለት ነው። ሌሊት የሚሠራ ግንባታ ከበዛ ደግሞ ቀን የሚሰጠው መልስ ዘግይቷል።

በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱን ላስፍር። አንድ አባት ተነሥተው «መስመሩ በቤቴ መሐል ነው የሚያልፈው፤ ጓዳዬ ውስጥ ነው፣ ሳሎኔ ውጭ ነው ተባልኩ። የትኛው ሕግ ነው የሚገዛኝ?» ሲሉ ጠየቁ። የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። አባቴ፣ መስመር በቤት መሐል ካለፈ መስመሩ የተሰመረው ቢሮ ውስጥ ነው። መስመር መሬት ላይ የሚታይ ነገር መከተል አለበት፤ መንገድ፣ ቦይ፣ ወንዝ ወይም የይዞታ ወሰን። እስኪስተካከል ድረስ ግቢዎ በሙሉ በቀለለው ገደብ እንዲተዳደር በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ማመልከቻው ላይ የገቢ ቁጥር አስጽፈው ቅጂውን ይያዙ፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎን ፎቶ ኮፒም አያይዙ። የድንበሩ ማስተካከያ ወደ ዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሲላክ ጥቃቅን ለውጥ ተብሎ የሚስተናገድበት ሥርዓት አለ፤ ስለዚህ «መስመሩ አንድ ጊዜ ተሰምሯል፣ አይነካም» የሚልዎት ካለ ትክክል አይደለም።